ከኦፊስ ኢንጂነርነት ወደ ፕሮጀክት ማኔጅመንት፦ ይህን የፕሮፋይል ማጠቃለያ እንዴት ላስተካክለው?

ገርጂ_ኢንጂነር

ሰላም ለሁላችሁ። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ሁለት ዓመት ሳይት ላይ፣ ከዚያ አራት ዓመት በኦፊስ ኢንጂነርነት ሠርቻለሁ። ሁሉም ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ ነው። አሁን ወደ ፕሮጀክት ማኔጅመንት መግባት እፈልጋለሁ። የማመለክተው ሁለት ዓይነት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ሪል እስቴት አልሚዎች ጋ በፕሮጀክት ኮኦርዲኔተርነት ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚያስገነቡ ኤንጂኦዎች ጋ ነው። ወራት ሆነኝ፣ ለቃለ መጠይቅ የጠራኝ የለም። የሚደውሉልኝ ለዲዛይን ሥራ የሚፈልጉኝ ብቻ ናቸው።

ሲቪዬ አናት ላይና ሊንክድኢን ላይ የለጠፍኩት ማጠቃለያ አንድ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለውይይት እንዲመች ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

> በሲቪል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ያለኝና በኮንስትራክሽን ዘርፍ የ6 ዓመት ልምድ ያካበትኩ ታታሪ ባለሙያ ነኝ። አውቶካድ፣ ኢታብስ፣ ሳፕ 2000፣ ሴፍ እና ኤምኤስ ፕሮጀክት በሚገባ እጠቀማለሁ። በቡድን መሥራት እወዳለሁ፤ ጫና ባለበት ሁኔታ መሥራትም እችላለሁ። አሁን ሙያዬን ወደ ፕሮጀክት ማኔጅመንት ለመቀየር እየፈለግሁ ስለሆነ፣ ዕውቀቴን የማሳድግበት ዕድል የሚሰጠኝ ድርጅት እሻለሁ።

ምኑ ነው የተበላሸው? ሳትራሩ ንገሩኝ።

እንዳለ_ኬ

እህቴ፣ ምህንድስናን መተው ግን ለምን? አምስት ዓመት የተማርሽበት ሙያ ነው። ማኔጅመንት ከፈለግሽ ማታ ማስተርስ ጀምሪ። በፕሮጀክት ማኔጅመንት የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባ ውስጥ ሞልተዋል። ከዚያ በኋላ ሲቪሽ ራሱ ይናገራል።

ገርጂ_ኢንጂነር

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ማስተርሱን አስቤበታለሁ። አሁን የጠየቅሁት ግን ስለ ማጠቃለያው ነው። ምህንድስናውንም አልተውም፤ ያው ግንባታ ላይ ነው የምቆየው።

ናቲ_ፒኤም

ችግሩ ግልጽ ነው፤ ቁልፍ ቃል የለውም። ቀጣሪዎች ሊንክድኢን ላይ የሚፈልጉት ቃል በመጻፍ ነው። «ፕሮጀክት ማኔጅመንት» የሚለው አንዴ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ወደ መጨረሻ። ስቴክሆልደር ማኔጅመንት፣ ሪስክ ማኔጅመንት፣ በጀት፣ አጃይል፣ ስክረም፣ ጂራ፣ እነዚህን ሁሉ አስገቢ። ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት ማኔጀርነት ምስክር ወረቀት ደግሞ ለጊዜው እርሺው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ፕሮጀክት ማኔጀር» በሚል መደብ ያልሠራ ሰው ፈተናው ላይ መቀመጥ አይችልም።

የድሮ_ሬዚደንት

ልጄ፣ ጽሑፍሽን አነበብኩት። እኔ ለብዙ ዓመታት አማካሪ ድርጅት ውስጥ ሬዚደንት ኢንጂነር ነበርኩ። አሁን አልሚ ድርጅት ውስጥ ፕሮጀክቶችን እከታተላለሁ። እንዳንቺ ያሉ ልጆችን ሲቪ በየጊዜው አያለሁ፣ እቀጥራለሁም። የማየውን ልንገርሽ።

የዲዛይን ሰዎች የሚደውሉልሽ ማጠቃለያሽ ዲዛይነር ነኝ ስለሚል ነው። ኢታብስ፣ ሳፕ እና ሴፍ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተደርድረዋል። አንባቢ እነዚህን ሲያይ ስትራክቸራል ዲዛይነር አድርጎ ይመድብሻል። ለመሆኑ ባለፉት አራት ዓመታት ኢታብስ ስንቴ ከፈትሽ?

መጨረሻው ደግሞ ልምዱን ያፈርሰዋል። «ለመቀየር እየፈለግሁ ነው፣ ዕድል የሚሰጠኝ» ስትዪ፣ ሥራውን ገና አልነካሁትም እያልሽ ነው። ኦፊስ ኢንጂነር ምን እንደሚሠራ እኔ አውቃለሁ። የፕሮጀክቱን ግማሽ የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ የሚጎድለው ፊርማው ብቻ ነው። ያንን ግን ማጠቃለያሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ስለዚህ ከመጻፍሽ በፊት እነዚህን መልሺልኝ። የመጨረሻው ፕሮጀክትሽ ምን ነበር፣ ስፋቱስ? ስንት ሰብ ኮንትራክተር ነበር? ፔይመንት ማን ያዘጋጅ ነበር? መርሐ ግብሩን ማን ያሻሽል ነበር? ደግሞ ዋናው ጥያቄ፣ አንቺ ስለነበርሽ ሳይት ላይ የተለወጠ አንድ አሠራር ንገሪኝ።

ናቲ፣ የፒኤምፒው ነገር እንዳልከው አይደለም። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ፒኤምአይ የሚጠይቀው ፕሮጀክት መምራትህን እንጂ የመደብ ስምህን አይደለም። የአራት ዓመት ዲግሪ ላለው ሰው የ36 ወር ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ነው። የእኛ ምህንድስና አምስት ዓመት ስለሆነ ዲግሪው አያንሳትም። መታየት ያለበት ከሠራችው ውስጥ መምራት ሊባል የሚችለው ምን ያህሉ ነው የሚለው ነው። ካፒኤም የሚባለው የጀማሪዎች ምስክር ወረቀት ደግሞ የሥራ ልምድ ጭራሽ አይጠይቅም፤ የ23 ሰዓት ትምህርት ይበቃዋል።

ናቲ_ፒኤም

ስለ ፒኤምፒው እሺ፣ አልከራከርም። ቁልፍ ቃሉ ላይ ግን አልለቅም። ካልተገኘች ማንም አያነባትም።

የድሮ_ሬዚደንት

እሱ ላይ ልክ ነህ። ቃላቱ ግን ከማስታወቂያው ይወሰዱ። የሕንፃ ግንባታ ማስታወቂያ ላይ መርሐ ግብር፣ ክፍያ፣ ኮንትራት አስተዳደር፣ ሰብ ኮንትራክተር ቅንጅት የሚሉትን ታገኛለህ። ስክረምና ጂራ የሶፍትዌር ቤት ነገር ነው። እሷ ጂራ ብላ ብትጽፍ፣ «እስኪ የመጨረሻውን ስፕሪንት ንገሪኝ» እላታለሁ። ምን ትመልስልኛለች?

አቤል_ሻርጃ

እኔ ሻርጃ ነው ያለሁት። ኤሌክትሪካል ነኝ፤ ከኤምኢፒ ሳይት ኢንጂነርነት ወደ ፕሮጀክት ማኔጅመንት ገብቻለሁ። እዚህ የሚያዩት ሌላ ነው። መጀመሪያ የገልፍ ልምድህን፣ ከዚያ የቪዛህን ሁኔታና መቼ መጀመር እንደምትችል ያያሉ። እኔ ማጠቃለያዬ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ጽፌያቸዋለሁ፤ አገር ቤት ግን ማን ይጠይቃል?

አንድ የጠቀመኝን ልንገርሽ። የጠቅላላ ፕሮጀክቱን ዋጋ አልጻፍኩም። የጻፍኩት እኔ የያዝኩትን የኤምኢፒ ፓኬጅ ዋጋ ነው። እዚህ ሁሉም ሰው «የዚህን ያህል ሚሊዮን ድርሃም ፕሮጀክት ላይ ሠርቻለሁ» ይላል። ማማው ላይ እኮ የሠራው ሰው ስንት ነው! የራስህን ድርሻ ስትናገር ጠያቂው ቶሎ ያምንሃል። አንቺም የውሉን ዋጋ በዶላር ብታስቀምጪው ለኤንጂኦዎቹ ይቀላቸዋል።

ገርጂ_ኢንጂነር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መልሴ ይኸው።

ፕሮጀክቱ አዳማ ነው። ቤዝመንት ያለው ጂ ፕላስ 9 ቅይጥ ሕንፃ፣ ወለሉ ተደምሮ 9,000 ካሬ ሜትር ገደማ። ውሉ የተፈረመው በ2012 ዓ.ም. በ180 ሚሊዮን ብር ነው። ሰብ ኮንትራክተሮቹ ስድስት ነበሩ፦ አሉሚኒየም፣ ኤሌክትሪክ፣ ሳኒተሪ፣ ሊፍት፣ ውኃ መከላከያና ቀለም። የእነሱን ልኬትና ክፍያ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ሳምንታዊ ስብሰባውን የምጠራው፣ ቃለ ጉባኤውንም የምይዘው እኔ ነኝ። መርሐ ግብሩን ኤምኤስ ፕሮጀክት ላይ የማሻሽለውም እኔ ነኝ። የምታዘዘው ለፕሮጀክት ማኔጀሩ ነበር።

የተለወጠ አሠራር ካሉኝ፣ ፔይመንቱ ነው። ቀድሞ ፎርማኖቹ ቴክኦፍ፣ ማለትም የተሠራውን ሥራ ልኬት፣ የሚሰጡት ወር ሲያልቅ ነበር። የወሩን ሥራ ከአማካሪው ጋር እንደገና ስንለካ፣ ስንጨቃጨቅ፣ ሰርተፊኬቱ ለአማካሪው የሚገባው በሚቀጥለው ወር ከ18 በኋላ ነበር። እኔ ቴክኦፉን ሳምንታዊ አደረግሁት። ዓርብ ዓርብ ከአማካሪው ኢንስፔክተር ጋር አብረን እንለካለን፣ እዚያው እንፈራረማለን። ከዚያ በኋላ ወር በገባ በ5 ማስገባት ጀመርን።

ሁለተኛው፣ ሲሚንቶ የጠፋ ጊዜ ነው። ያለችውን ሲሚንቶ ለኮለንና ለስላብ ብቻ እንድትውል የሦስት ሳምንት ዕቅድ አወጣሁ። ልስንና ብሎኬት አቆምን። ሰውን ወደ ብረት ሥራና ፎርምወርክ አዛወርን። ብሎኬቱ ባለቀበት ፎቅ ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ቱቦ ቀጠለ። ስትራክቸሩ በጭራሽ አልቆመም።

ሦስተኛው፣ ቤዝመንቱ ላይ የዲዛይን ለውጥ መጥቶ ሥዕሉ ዘገየብን። የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄውን አዘጋጀሁ። 94 ቀን ጠይቀን 61 ተፈቀደ።

እንዲህ ልጽፈው አስቤ ነበር፦ «የ180 ሚሊዮን ብር ፕሮጀክት መርቻለሁ፤ የክፍያ መዘግየትን በ13 ቀን ቀንሻለሁ፤ የ61 ቀን ማራዘሚያ አስፈቅጃለሁ።» ምን ይመስላችኋል?

የድሮ_ሬዚደንት

ይኸው ወጣ! ይህን ሁሉ ይዘሽ «ታታሪ ነኝ» ብለሽ ትጽፊያለሽ? አሁን ያቀረብሻቸው ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ግን እያንዳንዳቸው ይጎትቱሻል። በየተራ እንያቸው።

«መርቻለሁ» አይሆንም። የመራው ማኔጀሩ ነው። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ጥያቄ «የውል ማሻሻያውን ማን ፈረመ?» እልሻለሁ፤ መልሱ ሌላ ሰው ነው። ያን ጊዜ እውነት የሆነውም ሁሉ ይጠረጠራል።

ሁለተኛው፣ «የክፍያ መዘግየት ቀንሻለሁ» የሚለው ነው። ክፍያ የሚከፍለው አሠሪው ነው። አማካሪው ያጸድቃል፣ አሠሪው ገንዘብ ሲኖረው ይከፍላል። አንቺ እጅ ያለው ሰርተፊኬቱ የሚገባበት ቀን ነው። እሱን ብቻ ጻፊ፦ «የወሩ የክፍያ ሰርተፊኬት ከ18 ወደ 5 እንዲመጣ አድርጌያለሁ፣ በሳምንታዊ የጋራ ልኬት።» እንዲህ ሲጻፍ ማንም ተቋራጭ ጋ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ያለ መንገዱ ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ዓርብ ዓርብ ከኢንስፔክተሩ ጋር መለካትን ግን ያላደረገው ሰው አያስበውም።

ሦስተኛው፣ ማራዘሚያው። የፈቀደው አማካሪው ነው፤ የጠየቀው ድርጅትሽ ነው፤ ያዘጋጀው አንቺ ነሽ። «አዘጋጅቻለሁ» በይው። 94 ጠይቆ 61 ማግኘት የሚያሳፍር አይደለም፤ ሁለቱንም ቁጥር ጻፊያቸው። አንዱን ብቻ ስትጽፊ የደበቅሽ ይመስላል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ማሳወቂያውን በጊዜው የላከው ማን ነው?

ገርጂ_ኢንጂነር

እኔ ነኝ። ውሉ ፊዲክ በሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ነበር፤ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማኔጀሩ ሌላ ሳይት ላይ ነበር። ሥዕሉ በቀኑ እንዳልደረሰ ከመዝገቡ አይቼ ደብዳቤውን አርቅቄ አስፈረምኩት።

የድሮ_ሬዚደንት

እንግዲያው ትልቁ ነገርሽ እሱ ነው። ቀኑን ባትከታተዪው ኖሮ 61ዱም ይቀር ነበር። በ1999ኙ ፊዲክ ያ 28 ቀን ካለፈ ተቋራጩ መብቱን ያጣል። ስንቱ ተቋራጭ በዚያ ምክንያት ሲከስር አይቻለሁ። ፕሮጀክት ማኔጀር የሚባለው ሰው ዋና ሥራው ይኸው ነው፤ የሚያመልጠውን ቀን ከማምለጡ በፊት ማየት። «ጊዜውን ጠብቄ ማሳወቂያ አስልኬ ጥያቄውን አዘጋጅቻለሁ» ብለሽ ጻፊው።

አቤል፣ የራስህን ፓኬጅ ስለመጻፍ ያልከው ትክክል ነው። ዶላሩ ላይ ግን አልስማማም። በ2012 አንድ ዶላር 30 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከ100 በላይ ወጥቷል። 180 ሚሊዮኑን በዚያን ጊዜ ዋጋ ብታሰላው ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። አሁን ብታሰላው 2 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። አንዱን ብትጽፍ ያጋነነች፣ ሌላውን ብትጽፍ ትንሽ ሥራ የሠራች ትመስላለች። ጂ ፕላስ 9፣ 9,000 ካሬ፣ ስድስት ሰብ ኮንትራክተር ይበቃል። ካሬ ሜትር የምንዛሪ ነገር አይነካካውም።

አቤል_ሻርጃ

ይኼስ አልታየኝም ነበር። እዚህ ድርሃሙ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጣጣ የለብንም። እስማማለሁ፣ በስፋቱ ይሁን።

ሰብለ_ኤችአር

ሰላም። እኔ በሰው ኃይል ነው የምሠራው፣ ግንባታ ያለው አንድ ኤንጂኦ ውስጥ። ከእኛ ወገን የሚታየውን ልጨምር።

መጀመሪያ የማየው ማጠቃለያውን አይደለም። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን መስፈርት በዲግሪውና በዓመቱ አጣራለሁ። ያለፉት ሲቪዎች ከተለዩ በኋላ ነው ማጠቃለያው የሚነበበው። ያኔም አራት አምስት መስመር ከሆነ አነበዋለሁ፤ ግማሽ ገጽ ከሆነ እዘለዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ «ኦፊስ ኢንጂነር» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሲቪሽ ላይ «ፕሮጀክት ኮኦርዲኔተር» ብለሽ እንዳትጽፊ። ደብዳቤውን ከሲቪው ጋር እናስተያየዋለን። መደቡ ካልገጠመ ሰውዬው ጎበዝ ይሁን አይሁን ፋይሉ እዚያ ላይ ይቆማል። መደቡን እንዳለ ተዪው፤ የሠራሽውን ከሥሩ ግለጪ።

ከጋሼ ጋር የማልስማማበት አለ። ሙያ ልትቀይሪ እንደሆነ በግልጽ መናገር አለብሽ እላለሁ። ካልተናገርሽ፣ እኔ ኢንጂነር ያልሆንኩት ሰው ሲቪውን ሳየው «ይቺ ልጅ ኢንጂነር ናት፣ ለምን እዚህ አመለከተች?» እላለሁ። ተሳስታ የላከችው ሊመስለኝ ይችላል።

የድሮ_ሬዚደንት

ወይዘሮ ሰብለ፣ የደብዳቤው ነገር ትልቅ ነጥብ ነው። እኔ አላነሳሁትም ነበር፣ አመሰግናለሁ።

ስለ መቀየሩ ግን ልዩነታችን ይቀራል። «እየቀየርኩ ነው» የሚል ሰው ከዜሮ እንደሚጀምር ይታሰባል፤ ደመወዙም እንደዚያው ይቆረጥለታል። እሷ ደግሞ ከዜሮ አትጀምርም። የምትፈልገውን ቦታ ብትጠቅስ ይበቃል።

ሰብለ_ኤችአር

የምትፈልገውን ቦታ መጥቀሷ ለእኔም ጥሩ ነው። ግን እርስዎ መሐንዲስ ስለሆኑ ክፍያና መርሐ ግብር የሚለውን ሲያዩ ማኔጅመንት መሆኑ ይገባዎታል። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚያጣራው ሰው ሰርተፊኬት ሲባል የትምህርት ሰርተፊኬት ሊመስለው ይችላል። ለኤንጂኦ አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋታል ባይ ነኝ።

ናቲ_ፒኤም

ታዲያ ሁለት ማጠቃለያ ይኑራት። አንዱ ለአልሚ፣ አንዱ ለኤንጂኦ። ሊንክድኢን ላይ ግን አንድ ብቻ ነው የሚሆነው። እዚያ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው የሚታዩት፤ ሌላው ካልተነካ አይገለጥም። ቦታው 2,600 ፊደል ይይዛል ተብሎ መሙላት አያስፈልግም። ከስም በታች ያለው መስመር ደግሞ 220 ፊደል ነው። አሁን እዚያ ምን ብለሻል?

ገርጂ_ኢንጂነር

«ሲቪል መሐንዲስ | ሥራ ፈላጊ» ነው የሚለው።

ናቲ_ፒኤም

እሱን ዛሬውኑ ቀይሪው። ማንም «ሥራ ፈላጊ» ብሎ የሚፈልግ ቀጣሪ የለም። «ሲቪል መሐንዲስ | የሕንፃ ፕሮጀክት መርሐ ግብር፣ ክፍያና ኮንትራት አስተዳደር» በይው። ይኼ እንኳ ከስክረም ነፃ ነው።

ትዕግሥት_መካኒካል

ውይይቱን ላቋርጥ ይቅርታ። እኔ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና መሐንዲስ ነኝ። ፔይመንት የለ፣ ሰብ ኮንትራክተር የለ። እኔስ ምን ልጽፍ?

የድሮ_ሬዚደንት

ትዕግሥት፣ የፋብሪካውን ሥራ ጠልቄ አላውቀውም። ግን ዓመታዊ የማሽን ማቆሚያ ጥገና ታቅዱ የለ? መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው፣ መለዋወጫ ቀድሞ መታዘዝ አለበት፣ የውጭ ባለሙያም ይመጣል። እሱ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው። የቀን ተቀን ጥገናው ግን ፕሮጀክት አይደለም፤ ሁለቱን ለይተሽ ጻፊ። ዝርዝሩን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ቢያግዝሽ ይሻላል። ለብቻው ጥያቄ ክፈቺለት።

ገርጂ_ኢንጂነር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንደገና ጻፍኩት። ይህ ለአልሚ ድርጅት የሚላከው ነው።

> በሕንፃ ግንባታ ፕሮጀክቶች ላይ መርሐ ግብር፣ ክፍያና ሰብ ኮንትራክተሮችን የምመራ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ባለፉት አራት ዓመታት ቤዝመንት ባለው የጂ ፕላስ 9 ሕንፃ ላይ በኦፊስ ኢንጂነርነት የስድስት ሰብ ኮንትራክተሮችን ሥራ አቀናጅቻለሁ፤ ሕንፃው 9,000 ካሬ ሜትር ነው። ሳምንታዊ የጋራ ልኬት በመጀመር የወሩ የክፍያ ሰርተፊኬት የሚገባበትን ቀን ከ18 ወደ 5 አምጥቻለሁ። በሲሚንቶ እጥረት ወቅት የሥራ ቅደም ተከተሉን በሦስት ሳምንት ዕቅድ በማስተካከል የስትራክቸር ሥራው እንዳይቆም አድርጌያለሁ። የፊዲክን የጊዜ ገደብ ጠብቄ ያዘጋጀሁት የ94 ቀን የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ 61 ቀን ተፈቅዶለታል። የምፈልገው በሕንፃ ልማት ላይ የፕሮጀክት ኮኦርዲኔተርነት ኃላፊነት ነው።

ኢታብስንና ጓደኞቹን ወደ ሲቪው መጨረሻ አወረድኳቸው። ኤምኤስ ፕሮጀክትን ከሥራ ልምዱ ሥር አስገባሁት።

የድሮ_ሬዚደንት

በጣም ተስተካክሏል። ሁለት ነገር ብቻ ቀርቶታል።

የመጀመሪያው መስመር ላይ «የምመራ» ተመልሶ ገብቷል። «የማቀናጅ» አድርጊው። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ኦፊስ ኢንጂነር እንደሆንሽ ይናገራል፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ከታች ያለው ማስረጃ ጠንካራ ስለሆነ ከላይ ማጋነን አያስፈልግሽም።

ሁለተኛው፣ የሲሚንቶው። «እንዳይቆም አድርጌያለሁ» ካልሽ፣ «ምን ያህል ጊዜ? በዚያ ጊዜ ስንት ስላብ ተሞላ?» ብዬ እጠይቅሻለሁ። ከሳይት መዝገብሽ ፈልጊው። ካገኘሽው «በእጥረቱ ወራት ይህን ያህል የወለል ስላብ ተሞልቷል» ብለሽ ተኪው። ካላገኘሽው ዓረፍተ ነገሩን አውጪው፤ ለቃለ መጠይቁ ታሪክ ይሁንሽ። በቃል ሲነገር ያምርበታል፤ ልስን አቁመሽ ሰው ወደ ብረት ማዛወርሽን ስትተርኪ ሥራውን እንደምታውቂ ይታያል።

ገርጂ_ኢንጂነር

መዝገቡ ቀድሞ የሠራሁበት ቢሮ ነው ያለው። የሳምንታዊ ስብሰባ ቃለ ጉባኤዎቹ ቅጂ ግን ላፕቶፔ ላይ አለ። ከእነሱ ማውጣት እችላለሁ። ግን ጋሼ፣ የድርጅቱን ሰነድ ይዞ መውጣት ችግር የለውም?

የድሮ_ሬዚደንት

ቁጥሩን አይተሽ ተመለሺ፤ ሰነዱን ለማንም አታሳዪ። የአሠሪውንም ስም፣ የውሉንም ዋጋ አትጻፊ። ይህን ቃለ መጠይቅ ላይ ሆን ብዬ እጠይቃለሁ፤ «እስኪ ክሌሙን ላየው» እላለሁ። አውጥቶ የሚያሳየኝን ሰው አልቀጥረውም። ነገ የእኔንም ያወጣል።

ሰብለ_ኤችአር

ይህ ለአልሚ ጥሩ ነው። ለኤንጂኦ ብትልኪው ግን የማጣሪያው ሰው ግማሹ አይገባውም። የፊዲኩን ዓረፍተ ነገር አሳጥሪው። በምትኩ ከአሠሪ፣ ከአማካሪና ከአካባቢ መስተዳድር ጋር የሠራሽው ካለ አስገቢ፤ የፈቃድ ጉዳይ፣ የርክክብ ኮሚቴ፣ እንደዚያ ያለ። እኛ ጋ ጤና ጣቢያ ሲሠራ ግማሹ ድካም ከወረዳው ጋር ነው። ሪፖርት የመጻፍ ልምድሽንም አንሺ። እኔ አሁንም «ከምህንድስና ወደ ፕሮጀክት አስተባባሪነት እየተሸጋገርኩ ነው» የሚለውን መጨረሻው ላይ አስገቢ እላለሁ።

ገርጂ_ኢንጂነር

ጊዜያዊ ርክክብ ላይ የጉድለት ዝርዝሩን ከኮሚቴው ጋር የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከማዘጋጃ ቤት ጋርም ለመጠቀሚያ ፈቃድ ተመላልሻለሁ። እነሱ እንደሚቆጠሩ እንኳ አላሰብኩም ነበር።

የመሸጋገሩን ነገር በተመለከተ፣ ለኤንጂኦው እርስዎ እንዳሉት አስገብቼ፣ ለአልሚው እንደ ጋሼ አስቀርቼ እልካለሁ። ሊንክድኢኑ ላይ የትኛውን ላድርግ?

ናቲ_ፒኤም

የአልሚውን። ሊንክድኢን ላይ ፈልጎ የሚያገኝሽ አብዛኛው የግል ድርጅት ነው፤ ኤንጂኦ በማስታወቂያ ነው የሚቀጥረው።

ሰብለ_ኤችአር

ሁሌም አይደለም። እኛም ሲቪውን ካጣራን በኋላ ሊንክድኢኑን ከፍተን እናያለን። ሁለቱ ካልተጣጣሙ እንጠይቃለን። የትኛውንም ብታደርጊ መደቡና ዓመቱ አንድ ይሁን።

ገርጂ_ኢንጂነር

እሺ። ቃለ ጉባኤዎቹን ዛሬ ማታ እያየሁ የስላቡን ቁጥር አወጣለሁ። የኤንጂኦውን ረቂቅ ነገ እዚሁ ስለጥፍ እዩልኝ።